ኃላፊሽ ሳይጠይቁሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ ከድሬ ሙቀት በቀር ምንም አላገኘንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት ማታ ደውለሽ «አባዬ፣ ኃላፊዬ አያምኑኝም፣ በቀን አራት ጊዜ ግዥው የት ደረሰ ይሉኛል» ስትይኝ ልቤ አዘነ። በስልክ ያልኩሽ ስላልበቃኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ ሐረር ለሚወጣ ሚኒባስ እሰጠዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይደርስሻል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1992 ዓ.ም. ነው፣ ከዚራ በነበረ አንድ የትራንዚት ቢሮ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የአሰብ ወደብ ስለተዘጋብን አብዛኛው የአገሩ ዕቃ በጅቡቲ ዞሮ ነበር፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ መተላለፊያ አልነበረም። የእኔ ሥራ ሰነድ መያዝ ነበር፦ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የጭነት ሰነድ። አለቃችንም እንደ አንቺዋ ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት «የት ደረሰ?»፣ ከምሳ በፊት «የት ደረሰ?»፣ ማታ ልወጣ ስል ደግሞ አንድ ጊዜ። እኔም እንደ አንቺ እንደማያምኑኝ ነበር የወሰድኩት።

አንድ ሰኞ የሦስት ፉርጎ ጨርቅ ሰነድ ሳገላብጥ ኢንቮይሱ 640 ጥቅል ይላል፣ ፓኪንግ ሊስቱ 604። ቁጥሩ እስኪስተካከል ጉምሩክ እንደማይቀበለው አውቃለሁ። ላኪው እንዲያርም አስላክሁና ዝም አልኩ። እርማቱ ሲመጣ ሁለቱን አንድ ላይ ልነግራቸው ነበር፣ ችግሩን ከነመፍትሔው። በዚያን ጊዜ ጉብዝና መስሎኝ ነበር።

እርማቱ አርብ መጣ። አለቃችን ግን ረቡዕ ዕለት ለባለንብረቱ «ሐሙስ ትጭናለህ» ብለውት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሁለት የጭነት መኪናዎች መጥተው ግቢ ውስጥ ቆሙ። የቆሙበትን የከፈለው ቢሮው ነው። ማታ አስጠርተውኝ ሳይጮኹ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰኞ ብትነግረኝ ኖሮ ረቡዕ አፌን እይዝ ነበር።» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሰነዱ የተሳሳተው ላኪው ጋ ነው፣ ለሦስት ቀን የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቢሯቸው ውስጥ ሰነድ ሳስፈርም ስልክ ጮኸ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ደዋዩ ከአዲስ አበባ የቢሮው ባለቤት ነው። አለቃችን ባለ መስመር ደብተራቸውን ገልጠው ጣታቸውን እየጎተቱ ይመልሱለታል። ደብተሩ ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦ የማን ዕቃ፣ አሁን የት ነው፣ መቼ ይወጣል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ባዶ ቦታ ሲያጋጥማቸው ድምፃቸው ይወርዳል። እኔን ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁኝ ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እሳቸውም በየቀኑ በ10 ሰዓት ይጠየቃሉ።

ከዚያ ወዲያ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሽ ወረቀት ላይ፣ በዚያው በሦስቱ ዓምድ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ አበዛሁት። ማንን እንዳናገርኩ፣ ስንቴ እንደተመላለስኩ፣ የትኛው ማኅተም እንደጠፋ ሁሉ ጻፍኩ። አገላብጠው አዩና «ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ለስልኩ የቀራቸው ግማሽ ሰዓት ነው። ከትናንት ወዲህ የተለወጠውን ብቻ አስቀረሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፍ ጥያቄው ቆመ። ወረቀቱ ትንሽ ከዘገየ ግን በሩ ላይ ብቅ ይሉ ነበር።

ሌላ የተማርኩት፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቶ መጻፍ ነው። «ባቡሩ የድንበሩን ጣቢያ ደወሌን አልፏል» ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ ሠራተኛ ስለነገረኝ። አላለፈም ነበር። ከዚያ በኋላ «አልፏል ተብያለሁ፣ አላረጋገጥኩም» ብዬ እጽፋለሁ። እሳቸውም ስልኩ ላይ ምን ያህል አፋቸውን ሞልተው መናገር እንደሚችሉ ያውቃሉ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በስልክ ስታወሪኝ ኃላፊሽ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የማኔጅመንት ስብሰባ እንዳላቸው ጣል አድርገሽ አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ለአንድ ሳምንት የሚጠይቁሽን ጥያቄ በቃላቸው እንዳለ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው። ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ እሳቸው ስብሰባው ላይ የሚጠየቁት ነው ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን ብቻውን አይበቃም፣ አንድ ጊዜ በአክብሮት ጠይቂያቸው፦ «ሐሙስ ስለ ግዥ የሚጠየቁት ምኑን ነው? ረቡዕ ከሰዓት አዘጋጅቼ ብሰጥዎ ይጠቅምዎታል?» ረቡዕ ከሰዓት ያልኩሽ በምክንያት ነው። ሐሙስ ጠዋት ብትሰጫቸው ማንበብ እንጂ መወሰን አይችሉም።

የመጋዘኑን የብረት መደርደሪያ ግዥ እንውሰድ። ከሦስቱ ፕሮፎርማ ሁለቱ ገብተዋል፣ ሦስተኛው አቅራቢ ነገ ዛሬ ይልሻል። አንቺ ደግሞ እስኪሟላ ዝም ብለሻል፣ እኔ ያን ሰኞ እንዳደረግኩት ማለት ነው። እኔ ብሆን ረቡዕ ከሰዓት እንዲህ ብዬ እጽፍላቸው ነበር፦

«የመደርደሪያው ግዥ፦ ሁለት ፕሮፎርማ ገብቷል። ሦስተኛው አቅራቢ ነገ አመጣለሁ ብሎኛል፣ በእጄ ግን የለም። ነገ እስከ 6 ሰዓት ካላመጣ ሌላ አቅራቢ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ርክክቡ አርብ መሆኑ ቀርቶ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይዞራል። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው፦ አርብ የሚገባው ዕቃ እስከ ማክሰኞ አሮጌው ክፍል ይቀመጥ ወይስ መግቢያውን እናዘግየው?»

አየሽ፣ የዘገየው ነገር እዚያው ላይ አለ፣ ለምን እንደዘገየም፣ አንቺ ምን እንደምታደርጊም፣ እሳቸው ምን እንደሚወስኑም። የመጨረሻው መስመር ከሌለ መጥፎ ወሬ ብቻ ይሆንባቸዋል። ቀኑ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ረቡዕን አትጠብቂ፣ ያወቅሽ ዕለት ንገሪያቸው። ረቡዕ ለተለመደው ነው።

ሁሉም አለቃ ወረቀት አይወድም። በኋላ የሠራሁባቸው አንድ አለቃ ማንበብ ይሰለቻቸው ስለነበር ጠዋት ቡና ሲጠጡ ቆሜ ሁለት ደቂቃ እነግራቸው ነበር። የአንቺዋ በቴሌግራም ይሻላቸው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ደግሞ ይህን ሁሉ አድርገሽም መጠየቃቸውን የማይተዉ ሰዎች አሉ። ወር ያህል ሞክሪውና ካልቀነሰ እንነጋገራለን፣ የዚያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

እናትሽ ከደብዳቤው ጋር ትንሽ በርበሬና ያን የተውሽውን ነጠላ ልካለች። ሹፌሩ ሐረር አራተኛ ሰፈር ስትደርሺ ይሰጥሻል፣ ስልኩን በመልእክት እልክልሻለሁ። ረቡዕ የጻፍሽላቸውን ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ ሐሙስ ከስብሰባው ሲወጡ ምን እንዳሉሽም ማታ ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ፣ ከድሬዳዋ