ዱካው የት ድረስ እንደወረደ

ግንቦት 12፣ ካልጋሪ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? እማማስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል። የሌሊት ሥራውም ያው ነው።

ባለፈው በስልክ «ያን ሁሉ ቀን ስትሞነጫጭር የነበረው ነገር ምን ደረሰ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አሁን ወግ ሆኗል። አንድ መጽሔት ላወጣው ይላል። ግን እኔ ገና እሺ አላልኩም። መጀመሪያ አንቺ እንድታነቢው፣ ከዚያ ለአባባ እንድታነቢላቸው እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ለመናገር ወጉ ከደብተሩ እንዴት እንደወጣ መንገር አለብኝ። ትንሽ ታገሺኝ።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሕር ዳር ስቀመጥ ሁለት ደብተር ጨርሻለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር። እዚህ ስመለስ ደብተሮቹን ሻንጣ ውስጥ ትቼ ስምንት ወር አልነካኋቸውም። ስንፍና አልነበረም። ገና ትኩስ እያለ ሳነበው ወረቀቱ ላይ ያለውንና ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን መለየት አልቻልኩም። «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነበር» የሚል መስመር ሳይ ቀኑ ሁሉ ይመጣብኛል። ወረቀቱ ላይ ግን ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢያነበው ባዶ ነው። ይህን ለማየት ቀኑን ትንሽ መርሳት ነበረብኝ።

ታኅሣሥ ላይ አወጣኋቸው። መጀመሪያ እርሳስ ሳልይዝ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያዝኩ። ዓይኔ ያየውን ወይም ጆሮዬ የሰማውን ነገር የያዘ መስመር ሲያጋጥመኝ ከሥሩ አሰመርኩ። እየተደጋገመ የሚመጣውን ከበብኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።

የገረመኝን ልንገርሽ። እኔ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ መመለስ ነበር። ልቅር ወይስ ልሂድ የሚለውን ጭንቀቴን ታውቂዋለሽ። የደብተሩ ግማሽ እሱ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ አንድም የተሰመረበት መስመር አልነበረም። ያው ሐሳብ ነው፣ በየሳምንቱ በሌላ ቃል። አባባ የሚቀመጡበት ዱካ ግን 23 ጊዜ ተከብቧል! ስለ ዱካ አንድ ቀን እንኳ አስቤ የጻፍኩ አይመስለኝም። «አባባ ዱካቸውን ይዘው ወረዱ» ብዬ ወደ ራሴ ጣጣ እመለሳለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

23ቱን መስመሮች እየነጠልኩ፣ ቀናቸውን ከላይ ጽፌ፣ በትናንሽ ወረቀት ገለበጥኳቸው። ወለል ላይ በተራ ዘረጋኋቸው። ጥቅምት ላይ ዱካው ትልቁ ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ውሃው ድንጋዩን ይነካል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከድንጋዩ ወረድ ብሏል። ጥር ላይ ጭቃ ውስጥ ነው። መጋቢት ላይ ጎረቤታችን ሽንብራ የዘራበትን ባሕር ሸሽ አልፎ ሄዷል። ሚያዝያ ላይ «ከቤት ሆኜ ባርኔጣቸው ብቻ ይታየኛል» ብያለሁ። እትዬ፣ አባባ ሰባት ወር ሙሉ ውሃውን እየተከተሉ ሲወርዱ ነበር። እኔም ሰባት ወር ሙሉ ስጽፈው ነበር። ግን አላየሁትም።

ለምን ይከተሉታል? መልሱም ደብተሩ ውስጥ ነበር፣ ሌላ ነገር መሃል ተቀብሮ። መጋቢት 3 ስለ ስልክ ካርድ፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ፣ ስለ ሆዴ ሕመም ጽፌ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አባባን ድንጋዩ ጋ ጥላ አለ፣ ለምን እዚያ አይቀመጡም አልኳቸው። ከዚያ ሆኜ ውሃው አይሰማኝም አሉኝ።» በዚያን ቀን አልፌዋለሁ። ከብቤ ካወጣሁት በኋላ ግን ከሌሎች ሁለት ቀኖች ጋር ገጠመ። ኅዳር ላይ በሬዲዮው ድምፅ የተነሳ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ስጠራቸው አልሰሙኝም ብያለሁ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። የአባባ ጆሮ እየደከመ ነው። ማናችንም ልብ አላልንም።

ወጉ የዚያን ሌሊት ተገኘ። መጻፉ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ በቀን ቅደም ተከተል ጻፍኩት። ጮክ ብዬ ሳነበው አንቀጹ ሁሉ «በማግስቱ»፣ «ከሳምንት በኋላ»፣ «ከዚያ» እያለ ይጀምራል። ደብተር ነው፣ ወግ አይደለም። ቀን ቀንን ይከተላል እንጂ አንዱ ሌላውን አይጠራም። ስለዚህ ቀኖቹን አወጣሁና በዱካው ቦታ አደረግኩት፦ ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ ባሕር ሸሹ፣ ባርኔጣው። አራት ቦታ ብቻ። ከ23ቱ ዘጠኙ ገቡ፣ አሥራ አራቱ ቀሩ። የመጋቢቱን ንግግር ወደ መጨረሻው ገፋሁት፤ ወሩን ግን አልደበቅኩም። አንባቢው እኔ ባላየሁበት ልክ ሳያይ እንዲቆይ ፈለግኩ።

አንዷን ልገልብጥልሽ። ደብተሩ እንዲህ ይላል፦

«ጥር 16። ደክሞኛል። የትኬቱ ነገር አልተቋጨም። አባባ እንደ ልማዳቸው ወርደዋል። ዱካቸው አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዘሟል። ስጠራቸው አልሰሙኝም። በጣም አሳዘኑኝ።»

ወጉ ውስጥ ይህ ሆነ፦

«ጥር ላይ የዱካው አንድ እግር ጭቃው ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቴ ከዱካው ጋር ዘመም ብለው ተቀምጠዋል። ጠራኋቸው። ዞር አላሉም።»

ትኬቱ ወጣ፣ ድካሜ ወጣ። «አሳዘኑኝ» የሚለውም ወጣ። ማዘን ያለበት አንባቢው ራሱ ነው፤ እኔ ቀድሜ ካዘንኩለት ምንም አይተርፈውም። አንድ ስህተት ግን ልናዘዝልሽ። መጀመሪያ «ሦስት ጊዜ ጠራኋቸው» ብዬ ነበር። ለጆሮ ያምራል። ደብተሩን ሳይ «ስጠራቸው» ብቻ ነው የሚለው። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ሰረዝኩት። «ወደ ግራ ዘመም» ብዬም ነበር፤ ግራውንም አወጣሁት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የአባባን ነገር ስጽፍ አንዲት እንኳ የፈጠርኳት ነገር እንድትኖር አልፈልግም።

ደብተር ደግሞ ይዋሻል። ሚያዝያ ላይ በንዴት «ሐይቁ እየደረቀ ነው፣ እንቦጩ ጨረሰው» ብያለሁ። ልክ እንደ ምስክርነት ላስገባው ነበር። ሳጣራ ነገሩ ሌላ ነው። ጣና ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ በየዓመቱ ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የእኛ ዳር ለጥ ያለ ስለሆነ ግን አንድ ሜትር ተኩል ወደ ታች ሲወርድ ወደ ጎን ብዙ ይሸሻል። በዚያ ላይ ውሃው እንዲሁ አይወጣም። ወደ ዓባይ የሚወጣውን የጨረጨራ በር ይቆጣጠረዋል፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የበለስ ኃይል ማመንጫ በዋሻ ይወስዳል። እንቦጩም በጣም የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል እንጂ እኛ ጋ አይደለም። ያቺ መስመር እንዳለች ብትወጣ ወጉ በሙሉ ውሸት ይሆን ነበር። አባባ የሚሞት ሐይቅ ሲከተሉ አልነበረም። በየዓመቱ የሚሸሽና የሚመለስ ውሃ ነው። የማይመለሰው ጆሯቸው ነው። ይህን ሳውቅ ወጉ የበለጠ ከበደኝ።

ከዚያ ደግሞ አንባቢው የማያውቀው ነገር አለ። ደብተሩ ውስጥ «ድንጋዩ» ስል አንቺም እኔም እናውቀዋለን። እማማ ልብስ የሚያሰጡበት፣ እኛ ዘለን ውሃ የምንገባበት። ለሌላ ሰው ግን ድንጋይ ድንጋይ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት። ያኔ የነበረውን እኔንና አሁን የሚጽፈውን እኔንም መለየት ነበረብኝ። ያኔ የነበረው አያውቅም፣ የአሁኑ ያውቃል። የአሁኑ አንድ ቦታ ብቻ ላይ እንዲናገር ፈቀድኩለት፣ ሦስቱ ወረቀቶች በሚገጥሙበት ላይ።

ያስቀረሁትንም ልንገርሽ፣ እንዳትሰጊ። የእማማ ሕመም የለበትም። የመሬቱ ጉዳይ የለበትም። በሬዲዮው የተነሳ ማን ማንን እንደተቆጣ አልጻፍኩም፤ «ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር» ብቻ ይላል። የደቅ ደሴት ጉዟችንንም አስቀረሁት። ከደብተሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ገጽ እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ላስገባው ሞከርኩ፣ ሦስቴም ወጉን አቆመው። ዱካው እዚያ የለም። ለብቻው አኑሬዋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ወጉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ለአባባ አንብቢላቸው። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ሬዲዮው ተዘግቶ፣ ቀረብ ብለሽ። ስለ ጆሯቸው የሚለው ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው። ፊታቸውን እዪ። «ይቅር» ካሉ ይቀራል፤ መጽሔቱን እኔ አነጋግራለሁ። ያለ እሱ ቦታ ወጉ አይቆምም፣ ቆርጬ አልልክም። ወጉ ቢቀርም ባይቀርም ግን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂያቸው። ገንዘቡን በዚህ ሳምንት እልካለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቶኛል። ሚያዝያ ላይ «ሩቅ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሩቅ ስንት ነው? አሁን ግንቦት ነው፣ ውሃው በጣም የሸሸበት ጊዜ ነው። አንድ ማታ አባባ ሲወርዱ ተከተያቸው። «እህቴ በዓመቱ ለካችው» ብዬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ከድንጋዩ ጀምረሽ እስከ ዱካው እርምጃሽን ቁጠሪልኝ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ