ለጋራ ግቢያችን አጥር የቀሩን 922 ብሎኬቶች፦ ለእድራችን አባላት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፤

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ካደረ በኋላ የግቢያችን የኋላ አጥር 42 ሜትሩም ተደርምሶ እንዳደረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በጎን በኩል ያለው የ24 ሜትር አጥርም ዘምሞ ስለነበር ሰው ላይ ሳይወድቅ በራሳችን እጅ አፍርሰነዋል። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ ያሉበት ቤት ተጋልጦ ቀርቷል፤ ጥበቃው ሌሊቱን ብቻውን ስለማይችለው አባላት በየተራ አብረውት እያደሩ ስምንት ወር አልፏል። ይህ የምንጽፍላችሁ ሦስተኛ ደብዳቤ ነው። መሰላቸታችሁን እናውቃለን፤ እኛም ደክመናል። ነገር ግን ሥራው ከግማሽ በላይ ሄዶ የቆመው በአንድ ነገር ብቻ ማለትም በብሎኬት እጥረት ስለሆነ፣ የጎደለውን ቁጥር እንዴት እንዳገኘነው አንድ በአንድ ልናስረዳችሁ ወስነናል።

በቅድሚያ «እስካሁን የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባናል። አብዛኛው የገባው ከመሬት በታች ነው። የወደቀው አጥር 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎኬት የተሠራ፣ ኮለኖቹም በየ6 ሜትሩ የተራራቁ ነበሩ፤ ከጀርባው አፈር ተከምሮበት ስለነበር ውኃ ሲጠጣ የከበደው አፈር ገፍቶ ጣለው። ያንኑ መልሰን እንዳንሠራ የተከመረውን አፈር አስነሥተን ለጎርፉ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፤ ከዚያም 66 ሜትሩን በሙሉ የድንጋይ መሠረት አስገነባን፣ በላዩ የግሬድ ቢሙን አስሞላን፣ በየ3 ሜትሩ 23 ኮለኖች አቆምን። ይህ ሁሉ ከመንገድ ሲታይ «ምንም አልተሠራም» ሊያሰኝ ይችላል፤ ሆኖም የአጥሩ ዕድሜ የሚወሰነው በዚሁ ነው፤ በወጪውም አንጸጸትም። ደረሰኞቹ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ስለሚገኙ ማንኛውም አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

የምንጸጸትበት ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤያችን 1,300 ብሎኬት ይበቃል ብለናችሁ ነበር፤ ቁጥሩ ስሕተት ነበር። ያኔ ስሌቱን የሠራነው በይዘት ነው፤ የአጥሩን ርዝመት 66 ሜትር በቁመቱ 2.10 ሜትርና በውፍረቱ 0.15 ሜትር አባዝተን 20.79 ሜትር ኩብ አገኘን። ይህን ለአንድ ብሎኬት ይዘት ስናካፍል ግን የወሰድነው የባለ 20 ሴንቲ ሜትሩን ብሎኬት ይዘት 0.016 ሜትር ኩብ ነበር። የምንገዛው ብሎኬት 40 በ20 በ15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ማካፈል የነበረብን ለ0.012 ነው። ግድግዳውን በ15 ለክተን ብሎኬቱን በ20 በመለካታችን ከሚያስፈልገው ሩቡ ያህል ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ማንም ያጎደለው ገንዘብ የለም፤ የጎደለው ስሌቱ ነው፤ ለዚህም ኮሚቴው ይቅርታ ይጠይቃል።

ስሕተቱን ያገኘነው ወረቀቱን ደግመን በማየት አልነበረም። ግንበኛው የመጀመሪያውን ክፍተት፣ ማለትም ከአንዱ ኮለን እስከ ቀጣዩ ያለውን ግድግዳ ሲጨርስ ከኮሚቴው አንዱ በኖራ ቁራጭ እየነካ ረድፍ በረድፍ ቆጠረ፤ 70 ሆነ። በጠቅላላው 22 ክፍተቶች አሉን። 1,300 ለ22 ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 59 ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ ተሰብስበን ስሌቱን ከሥሩ ሠራነው።

አዲሱ ስሌት የሚጀምረው ከአንድ ክፍተት ነው። ኮለኖቹ ከመሀል እስከ መሀል 3 ሜትር ይራራቃሉ፤ እያንዳንዱ ኮለን 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዝ ብሎኬት የሚደረደርበት ርዝመት 2.80 ሜትር ነው። አንድ ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አጠገቡ 1 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶ መጋጠሚያ ስላለው 41 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይወስዳል። 2.80 ለ0.41 ሲካፈል 6.83 ይሆናል፤ ብሎኬት በነጥብ ስለማይገዛ 7 ተብሎ ይያዛል፤ ሰባተኛው ተቆርጦ ይገባል። ቁመቱም በዚሁ መንገድ ይቆጠራል፦ 20 ሴንቲ ሜትር ከነመጋጠሚያው 21 ስለሚሆን 10 ረድፍ ልክ 2.10 ሜትር ይሰጣል። አንዳንድ አባላት «ለምን 2.20 አታደርጉትም?» ብላችሁን ነበር። 2.20 ስናደርገው ከ10 ረድፍ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይመጣል፤ ለዚያች ትርፍ አንድ ሙሉ ረድፍ ብሎኬት በየክፍተቱ በቁመቱ እየተቆረጠ ሊባክን ነው። ስለዚህ ብሎኬቱን በ2.10 አቁመን ከላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ማሰሪያ ቢም እንዘጋዋለን፤ ጠቅላላው 2.30 ይሆናል።

እንግዲህ 7 ብሎኬት በ10 ረድፍ 70፣ 70 በ22 ክፍተት 1,540 ነው። በሚወርድበትና በሚቆረጥበት ጊዜ ለሚሰበረው ከመቶ 5 ሲጨመርበት 1,617 ይሆናል። ይህንን ግንበኞች በተለምዶ በካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ከሚሉት ጋር አመሳክረነዋል። ኮለኖቹ ሲቀነሱ የግድግዳው ስፋት 129.36 ካሬ ሜትር ነው፤ በ12.5 ሲባዛ ያው 1,617 ይመጣል። የግንበኞቹ ቁጥር መጋጠሚያውን ስለማያስብ በትንሹ ይበዛል፤ የበዛውም ለስብርባሪው ማካካሻ ይሆናል። በሁለት መንገድ ሠርተን አንድ ቁጥር ስለወጣልን በዚህ ላይ ጸንተናል። በሩ ያለው በፊት ለፊቱ አጥር ላይ ስለሆነ በዚህ ስሌት ለበር የሚቀነስ የለም።

ስለ ውፍረቱም ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ወጪ ለመቀነስ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር እንመለስ ያሉ አሉ፤ ለጥንካሬው 20 ይሁን ያሉም አሉ። ብሎኬቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ፊቱ ያው 40 በ20 ስለሆነ የሚያስፈልገው ቁጥር አይለወጥም፤ 1,617 ነው። የሚለወጠው የአንዱ ዋጋ፣ የሚበላው ሲሚንቶና አሸዋ እንዲሁም መሠረቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ባለ 10ው የውስጥ ክፍል መለያያ ሆኖ ያገለግላል እንጂ ውጪ ላይ ንፋስና ዝናብ የሚቀበል አጥር ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ነሐሴ ላይ አይተነዋል። ባለ 20ው ደግሞ ጥሩ ቢሆንም ኮለን በየ3 ሜትሩ ላቆመ አጥር 15 በቂ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። በተዋጣው ገንዘብ 700 ብሎኬት ገዝተናል። ከዚህ ውስጥ 38ቱ በማውረድና በመቁረጥ ተሰብረዋል፤ ከመቶ 5 ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። 630ው 9 ክፍተቶችን ሞልቷል፤ 32 ብሎኬት በግቢው ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። የቀሩት 13 ክፍተቶች 910 ይፈልጋሉ፤ በእጃችን ያለው 32 ሲቀነስ 878፣ የስብራቱ 44 ሲጨመር 922 ይሆናል። ለማሰሪያ ቢሙ የሚሆነው ፌሮ ተገዝቷል። የሲሚንቶውና የአሸዋው ገንዘብም በሂሳቡ ላይ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ሲሚንቶ ቀድሞ ተገዝቶ ሲከርም ስለሚጋገር ብሎኬቱ ሳይሟላ አንገዛውም።

ስንረከብም እንጠነቀቃለን። ሁለተኛው ጭነት በመጣ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን አንዱን ብሎኬት አንሥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ሲያሹት እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ረገፈ፤ ውኃ ሳይጠጣ ቸኩሎ የወጣ መሆኑን ስለተረዳን መኪናውን እንደመጣ መልሰነዋል። ከዚያ ወዲህ ከየጭነቱ ጥቂቱን በሜትር እንለካለን፤ ርዝመቱ 38፣ ቁመቱ 19 ሆኖ የሚመጣ ብሎኬት አለና። ቁመቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢያንስ 10 ረድፍ 2 ሜትር ላይ ይቀራል፤ የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ ረድፍ ይገባና የቆጠርንላችሁ ሁሉ ይፈርሳል።

የቀሩን 13 ክፍተቶች በድምሩ 130 ረድፎች ናቸው፤ እኛ ደግሞ 132 አባወራዎችና እማወራዎች ነን። አንድ አባል አንድ ረድፍ ማለትም 7 ብሎኬት ቢሸፍን 924 ይሆናል፤ የሚያስፈልገን 922 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ የምንጠይቀው 7 ብሎኬት ነው። አቅም ያለው ሁለትና ሦስት ረድፍ ይውሰድ፤ አቅም ያጠረው አንድም ሁለትም ብሎኬት ቢያመጣ በምስጋና እንቀበላለን፤ ጡረተኞችንና ሕመምተኞችን ማንም አይጠይቃቸውም። በሐዘን ቀን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠለልበት ድንኳን ከዚህ ግቢ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ንብረት መጠበቅ በፈጣሪም በሰውም ፊት የሁላችን ግዴታ ነው።

ዋጋው ስለሚለዋወጥ በዚህ ደብዳቤ ላይ የብር መጠን አልጻፍንም፤ የሳምንቱ የአንድ ብሎኬት ዋጋ ሰኞ ሰኞ በግቢው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ እሱን በ7 አባዙት። ክፍያው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ይፈጸም፤ የሂሳብ ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሟል። በምክንያቱ ቦታ «ብሎኬት» ብላችሁ ስማችሁንና የደብተር ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ ከወርሃዊው መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። ባንክ መሄድ ያልቻለ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በግቢው ለገንዘብ ያዡ ሰጥቶ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቀበል። ደረሰኝ ለማይሰጥ ሰው፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ እባካችሁ ገንዘብ አትስጡ። ብሎኬት በዓይነት የምታመጡ ደግሞ ባለ 15 መሆኑን አረጋግጡ።

የሰኔ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ተጠናቆ ማሰሪያ ቢሙ መሞላት ስላለበት ክፍያው እስከ ግንቦት 15 እንዲጠቃለል በትሕትና እንለምናለን። የተከፈለው እያንዳንዱ ረድፍ በሰሌዳው ላይ በተሳለው የአጥር ሥዕል ላይ በደብተር ቁጥር ይሞላል። በድጋሚ፦ በእድሩ ሂሳብ ብቻ፣ በምክንያቱ ቦታ «ብሎኬት» ተብሎ፣ እስከ ግንቦት 15።

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አላህ ይስጥልን።

የእድሩ የአጥር ሥራ ኮሚቴ