ሁለተኛው የባሕር እብጠት ከየት ይመጣል?

ለአዘጋጁ፦

በቅርቡ ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጽሑፉ ጨረቃ ውኃውን ወደ ራሷ ስለምትስብ ባሕሩ እንደሚሞላ ይነግረናል። ሥዕሉም በጨረቃ በኩል ብቻ ያበጠ ባሕር ያሳያል። ፊዚክስ ስለማስተምር ይህንን ሥዕል በተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሜ አየዋለሁ። እውነቱ ይህ ቢሆን ኖሮ ባሕሩ በቀን አንዴ ብቻ ይሞላ ነበር። ምክንያቱም መሬት አንድ ዙር ስትሽከረከር እያንዳንዱ ወደብ በዚያ እብጠት ሥር የሚያልፈው አንዴ ነው። በአብዛኞቹ ወደቦች ግን ባሕሩ የሚሞላው ሁለቴ ነው። ስለዚህ ከጨረቃ በተቃራኒው በኩልም ሌላ እብጠት መኖር አለበት።

ያኛው ከየት መጣ? ጨረቃ የምትስበው ውኃውን ብቻ አይደለም። ዐለቱንም አፈሩንም ጨምራ መላዋን መሬት ትስባለች። ስበት ደግሞ በርቀት ይዳከማል። ጨረቃ ከመሬት መሐል በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ እሷ የዞረው ባሕር ከመሬት መሐል ይልቅ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባታል። በዚህ ምክንያት በ3 በመቶ ገደማ በርትታ ትስበዋለች። በጀርባ በኩል ያለው ባሕር ደግሞ በዚያው መጠን ስለሚርቅ፣ 3 በመቶ ገደማ ቀንሳ ትስበዋለች። እንግዲህ የፊቱ ውኃ መሬትን ይቀድማታል፤ የኋላው ውኃ ደግሞ ከመሬት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱ እብጠቶች የሚፈጠሩት በዚህ ነው። ሥራውን የሚሠራው ስበቱ ራሱ ሳይሆን በስበቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሥዕሉን ስታርሙ በሁለቱም ጎን አሳብጡት።

ውኃው ወደ ላይ ተነሥቶ ያብጣል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ይህ የስበት ልዩነት ከመሬት የራሷ ስበት አንጻር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ ጉልበት ውኃን ሽቅብ ማንሳት አይታሰብም። ነገር ግን ወደ ጎን ሊገፋው ይችላል። ግፊቱ በሺዎች ኪሎ ሜትር በተንጣለለ ውቅያኖስ ላይ ሲጠራቀም ውኃው ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሰበሰባል። የሐይቆቻችን ሙላት የማይታየንም ለዚህ ነው። ግፊቱ የሚጠራቀምበት በቂ ስፋት የላቸውም።

ሰዓቱም ከዚሁ ይወጣል። መሬት አንድ ጊዜ ስትሽከረከር ጨረቃም በመንገዷ ትንሽ ወደፊት ትሄዳለች። እሷን ለመድረስ 50 ደቂቃ ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ባሕሩ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሞላ፣ የሚቀጥለው ሙላት ማታ 1 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ይሆናል።

ፀሐይስ? የፀሐይ ክብደት ከጨረቃ በ27 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል፤ ርቀቷ ደግሞ 390 እጥፍ ገደማ ነው። ስበት በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ ለ390 ሁለቴ እናካፍል። የፀሐይ ስበት ከጨረቃ 180 እጥፍ ገደማ በልጦ ይገኛል። ባሕሩን የሚያሳብጠው ልዩነቱ ግን በርቀቱ ኩብ ነው የሚቀንሰው። እንደገና ለ390 ስናካፍል ፀሐይ የጨረቃን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ተማሪዎቼ ይህን ስሌት በገዛ እጃቸው ሠርተው ሲደርሱበት ማየት በጣም ያስደስተኛል።

ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ጉልበታቸው ይደመራል። ይህ የሚሆነው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ነው። ግማሽ ጨረቃ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ይቀንሳል። የሂጅራ ወር ጨረቃን ስለሚከተል፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከቀን መቁጠሪያ ማንበብ ይችላሉ። ወሩ ሲገባና በ15ኛው ቀን አካባቢ ባሕሩ ከፍ ብሎ ሞልቶ ርቆ ይሸሻል። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል። በ7ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል።

እዚህ ላይ ከኩዌትና ከጅዳ የሚያነቡን ሰዎች ሊጠይቁ ይችላሉ። ጨረቃዋ አንድ ሆና ሳለ ኩዌት ላይ ባሕሩ 3 ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጅዳ ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም። መልሱ ያለው በባሕሩ ቅርፅ ነው። ጨረቃ ግፊቱን ትሰጣለች። ውኃው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የሚወስኑት ግን የባሕሩ ርዝመት፣ ጥልቀትና ዳርቻ ናቸው። ቀይ ባሕር ረጅምና ጠባብ ነው። ሰሜኑ ጫፍ ሲሞላ ደቡቡ ይጎድላል፤ ደቡቡ ሲሞላ ሰሜኑ ይጎድላል። ልክ እንደ ሚዛን ነው። ጅዳና ፖርት ሱዳን ደግሞ የሚገኙት ሚዛኑ ከሚንጠለጠልበት ከመሐሉ አካባቢ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር