ሃያ አምስት በመቶ ጨምሮ ሃያ በመቶ ማትረፍ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በየወሩ በምንልክላችሁ የሂሳብ መግለጫ ላይ «የትርፍ ህዳግ» የሚለው ቁጥር እናንተ በልባችሁ ከያዛችሁት እያነሰ እንደሚያስገርማችሁ በተደጋጋሚ ነግራችሁናል። «ሠላሳ በመቶ ጨምሬ እየሸጥኩ እንዴት ሃያ ሦስት ብቻ አተረፍክ ትሉኛላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። መልሱን በደረቅ ቀመር ከምንልክላችሁ በአንዲት ባለሱቅ ታሪክ ብናስረዳ መረጥን። ባለሱቋ የምናብ ሰው ናቸው፤ ከደንበኞቻችን መካከል ማንንም አይወክሉም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አድርገን ነው የመረጥናቸው።

እኚህ ወይዘሮ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። አንድ ፔርሙስ ከነማጓጓዣው 800 ብር ያስወጣቸዋል። ከሽያጫቸው ላይ ሩብ ያህሉ እንዲተርፋቸው ስለሚፈልጉ በ800 ላይ ሃያ አምስት በመቶ፣ ማለትም 200 ብር፣ ይጨምሩና በ1,000 ብር ይሸጣሉ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ፔርሙስ ነው እንበልና በአንድ ወር 200 ፔርሙስ ሸጡ። መሳቢያው 200,000 ብር አስገባ። የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ሌላው ወጪ ተደምሮ 44,000 ብር ነው። ወይዘሮዋ በወረቀት ጠርዝ ላይ አሰሉ፦ የ200,000 ሩብ 50,000፣ ከዚያ ላይ 44,000 ሲቀነስ 6,000 ብር ንጹሕ ትርፍ።

ወሩ ሲዘጋ ግን 6,000 ብር ትርፍ ሳይሆን 4,000 ብር ጉድለት ተገኘ። ወይዘሮዋ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሌባ ነው። ዕቃው ተቆጠረ፤ አንድም ፔርሙስ አልጎደለም። ሂሳብ የሚይዝላቸው ወጣት ደብተሩን ገልብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ ሃያ አምስት የምን ሃያ አምስት ነው?» አላቸው።

«የትርፍ ነዋ!»

«ትርፉስ የምን? የገዙበት ነው ወይስ የሸጡበት?»

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። 200 ብሩ በመግዣው በ800 ሲካፈል ሃያ አምስት በመቶ ይሆናል፤ ይህ በመግዣ ዋጋ ላይ የተደረገ ጭማሪ ነው። በመሸጫው በ1,000 ሲካፈል ግን ሃያ በመቶ ብቻ ነው፤ የትርፍ ህዳግ የምንለው ይህን ነው። ወይዘሮዋ ጭማሪውን ከመግዣው ላይ አስልተው ትርፉን ከሽያጩ ላይ ጠበቁ። ከ200,000 ብሩ 160,000 የዕቃው መግዣ ስለሆነ ለወጪ የተረፈው 40,000 ነበር። ኪራይና ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ እንጂ መሳቢያው ውስጥ ከሚታየው ብር አይደለም።

ለበዓል ያደረጉት ደግሞ የባሰ ነበር። «ሃያ አምስት አተርፍ የለ፣ ሃያውን ብለቅ አምስቱ ይቀረኛል» ብለው የሃያ በመቶ ቅናሽ ለጠፉ። የ1,000 ሃያ በመቶ 200 ነውና ፔርሙሱ በመግዣው በ800 ሄደ። ሱቁ በገዢ ተጨናነቀ፣ 60 ፔርሙስ አለቀ፣ 48,000 ብር ገባ። ወይዘሮዋ በገቢው ተደስተው ለወጣቱ ጉርሻ ሊሰጡት አስበው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የተረፋቸው ግን ዜሮ ነው።

ከሽያጩ በእርግጥ ሃያ አምስት በመቶ እንዲተርፍ ከተፈለገ መግዣውን ለ0.75 ማካፈል ነው፤ 800 ለ0.75 ሲካፈል 1,067 ብር ገደማ ይመጣል። ይህም በመግዣው ላይ አንድ ሦስተኛ መጨመር ማለት ነው። ወይዘሮዋ 1,070 ብለው ለጠፉ። «ገዢ ቢሸሸኝስ?» የሚለው ስጋታቸው ተገቢ ስለነበር ያንንም አሰሉት። በድሮው ዋጋ ወጪያቸውን ለመሸፈን ብቻ በወር 220 ፔርሙስ መሸጥ ነበረባቸው። በአዲሱ ዋጋ ከአንዱ 270 ብር ስለሚተርፍ 163 ይበቃል። ከበፊቱ 200 ሽያጭ ሠላሳ ሰባቱን ቢያጡ እንኳ ወጪያቸው ይሸፈናል ማለት ነው። ይህ ግን በሁሉም ዕቃ አይሠራም። ጎረቤት ሁሉ ዋጋውን በቃሉ በሚያውቀው ዕቃ ላይ ገዢው ለሁለት ብር ልዩነት መንገድ ይሻገራል፤ እዚያ ህዳጉ ጠበብ ማለቱ አይቀርም፣ ሌላው ዕቃ ይደግፈው።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በመግለጫችሁ ላይ የሽያጭ ገቢ፣ በመግዣ ላይ የተደረገ ጭማሪና የትርፍ ህዳግ በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይቀመጣሉ። ቅናሽ ለማድረግ ስታስቡ ማየት ያለባችሁ ሦስተኛውን ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገባችሁ ደግሞ ሦስቱንም የምናሰላው 15 በመቶው ከወጣ በኋላ ነው፤ 1,150 ብር ከተቀበላችሁ 150ው የመንግሥት ነውና በገቢ አንቆጥረውም።

አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የመግዣ ደረሰኝ ስትልኩልን የማጓጓዣና የጫኝና አውራጅ ክፍያውንም በጀርባው ጻፉልን። ደረሰኝ ስለሌለው ብዙዎቻችሁ ትተዉታላችሁ፤ እሱ ከተረሳ መግዣው ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፣ ህዳጉም ያለ አግባብ ያብጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብ አያያዝ አገልግሎታችሁ