ጉዳዩ፦ ኦቨን አይነካውም የተባለው የሸክላ ሳምፕል ኦቨን ውስጥ ስለማደሩ የቀረበ ቅሬታ

ለአፈር ምርመራ ላብራቶሪው ሥራ አስኪያጅ

ስለ ኩሬው ግድብ ሸክላ ሦስት ጊዜ ስለተነጋገርን ወደ ኋላ አልመለስም። የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ስለተገባልኝ ቃል ነው።

ሁለተኛውን ሳምፕል ሳስረክብ ቴክኒሻናችሁ «በአየር ብቻ ነው የምናደርቀው፣ ኦቨን አይነካውም» አለኝ። ከረጢቱ ላይ በቀይ ማርከር «ኦቨን አይግባ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሰኞ ጠዋት ስመጣ ከረጢቱ ባዶውን ወለል ላይ ወድቋል፤ አፈሩ 105 ዲግሪ ላይ ሲደርቅ አድሮ ትሪ ላይ ተሰነጣጥቋል። ስጠይቅ «አፈር አፈር ነው፣ አንተ አካፋህን ያዝ» ተባልኩ። ይህን የሰማሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ፊት ነው።

እርጥበት ለመለካት ኦቨን ትክክል ነው። ለሊኩይድ ሊሚት ግን እንዲህ ያለ አፈር አስቀድሞ ኦቨን ከገባ ደቃቁ ቅንጣት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ውሃ ቢመለስለትም እንደ ድሮው አይላላም። ቁጥሩ ዝቅ ይልና የማይሆነው ሸክላ የሚሆን ይመስላል። የእናንተ ወረቀት ሊኩይድ ሊሚት 54፣ ፕላስቲክ ሊሚት 29 ይላል፤ ልዩነቱ 25 ስለሆነ ከውላችን ጣሪያ ከ30 በታች ሆኖ «ለሙሌት ተስማሚ» ተብሏል። ከዚያው አፈር ያስቀረነውን ጥላ ሥር አድርቀን በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፋነው። ሳይት ባለው የካሳግራንዴ ስኒ በ25 ምት ቦዩ የተዘጋው ውሃው 73 በመቶ ሲሆን ነው። በመዳፍ ስናድቦለቡለው 3 ሚሊ ሜትር ላይ የተሰባበረው ደግሞ በ32 በመቶ ነው። ልዩነቱ 41። ይህ ሸክላ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ኩሬው ሲሞላ ውሃው በዚያ ይገባል።

የኮምፓክሽኑ ወረቀትም እንዲሁ ነው። ከፍተኛው ደረቅ እፍጋት በ26 በመቶ ውሃ 1.66 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ተብሏል። እናንተው በለካችሁት 2.70 ስፔሲፊክ ግራቪቲ፣ ውስጡ ቅንጣት አየር ባይቀር እንኳ በዚያ እርጥበት ከ1.59 ማለፍ አይችልም። ኮላሩ ተነስቶ ትርፉ አፈር ከሞልዱ አፍ እኩል ሳይላጭ ተመዝኖ ይሆናል። ፈርሞ ያጸደቀው ሰው ይህን አንድ ስሌት አልሠራም። የመጀመሪያው ውጤት ዘጠኝ ቀን መዘግየቱን፣ ስልካችሁም አለመነሳቱን ችዬ አልፌ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ሪፖርቶች እስከ ዓርብ በጽሑፍ እንዲሰረዙ፣ ፈተናው እኔ ባለሁበት በአየር በደረቀ አፈር ያለ ክፍያ እንዲደገም፣ የምት ቁጥርና የጣሳ ክብደት የተመዘገበበት ወረቀት ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ቴክኒሻኑም ይቅርታ ይጠይቀኝ። ዓርብ ካለፈ ሁለቱን ወረቀቶችና የራሳችንን ውጤት ለአማካሪ መሐንዲሱ አስገብቼ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ከዚያ ቦሮው አንድ ገልባጭ አፈር ግድቡ ላይ አይወጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
የግድቡ ሳይት መሐንዲስ