እማዬ፣ ስትነሺ ቀስ በይ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እሁድ ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ የፈለግኩትን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ሚሚ በቴሌግራም ይደርሳታል፣ ቡና እየጠጣችሁ ታንብብልሽ። ስታነብ እንዳትዘል ንገሪያት፣ እሷ መዝለል ትወዳለች።

ስልኩን ልትዘጊ ስትይ እንደ ቀልድ አንድ ነገር ተናገርሽ። «ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፣ እርጅና ነው ልጄ» አልሽኝ። ሳቅሽም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ሜሪላንድ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ታሪካቸው የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ከአልጋ ተነሱ፣ ዓይናቸው ጨለመ፣ የሚይዙት አጡ።

አራት ቀን ሙሉ አስቀምጦሽ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቆመ። ሆድሽ ሲቆም በሽታው አለቀ ብለሽ ጾምሽን ቀጠልሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ። ተቅማጡ ቆሟል፣ እውነት ነው። በአራቱ ቀን የወጣው ውሃና ጨው ግን ገና አልተመለሰም። «አልጠማኝም» ያልሽኝም አያጽናናኝም። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። ሰውነት ደርቆም አፍ ላይጠማ ይችላል።

ለምን ስትነሺ ብቻ እንደሚያዞርሽ ልንገርሽ። ሰው ተኝቶ ሲነሳ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። አንገት ላይ ባለው ደም ስር ግፊቱን የሚጠብቁ ነርቮች አሉ። ወዲያው ልብን «ፍጠን» ይሉታል፣ ደም ስሮቹን ደግሞ «ጥበቡ» ይሏቸዋል። እንዲህ ሆኖ ደሙ ወደ ጭንቅላት ይደርሳል። በአንቺ ዕድሜ ይህ ሥራ ትንሽ ይዘገያል። በደም ስሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ከጎደለ ልብሽ ቢሮጥም የሚገፋው ነገር ያንሰዋል። ለዚያ ነው ለጥቂት ሰከንድ የሚጨልምብሽ፣ ተመልሰሽ ስትቀመጪ የሚተውሽ።

ክሊኒክ ሄደሽ «ግፊትሽ ደህና ነው» ተባልሽ። ዋሽተውሽ አይደለም። የለኩሽ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነው። አንቺን የሚጥልሽ ግፊት ተቀምጠሽ አይታይም። ለዚያ ነው ሰኞ ጠዋት ሚሚን በእጅ ላይ በሚታሰረው መለኪያ አስቸግሬ ያስለካሁሽ። አምስት ደቂቃ ተኝተሽ 128 በ76 ነበር፣ የልብ ምትሽ 84። ቆመሽ በአንደኛው ደቂቃ 98 በ64 ሆነ፣ ምቱ 112። በሦስተኛው ደቂቃ 102 በ66። የላይኛው ቁጥር 30 ወረደ ማለት ነው። እኛ የላይኛው 20፣ ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ችግር አለ እንላለን።

የልብ ምቱ መጨመሩ ደግሞ የሚያስረዳ ነገር አለው። ልብሽ ጉድለቱን አውቆ እየሮጠ ነው። ስለዚህ ነገሩ የፈሳሽ እጥረት ይመስላል። ግፊቱ ወርዶ ምቱ ሳይነሳ ቢቀር ሐሳቤ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር፣ ለምሳሌ ስኳር ነርቩን ጎድቶት እንደሆነ፣ ወይም የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት እንዳለ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። የተናደድኩት በራሴ ነው። «እማዬ፣ የግፊት ክኒን አንድ ቀን አይዘለልም» እያልኩ ያስፈራራሁሽ እኔ ነኝ። አንቺም በእነዚያ አራት ቀናት ሁለቱንም ክኒን ሳታጓድዪ ዋጥሽ። አንዱ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው፣ ውሃና ጨው በሽንት የሚያስወጣ ነው። ሌላው ኢናላፕሪል ደም ስሮቹን ያላላል። በደህና ቀን ሁለቱም ይጠቅሙሻል። ከላይና ከታች ውሃ በሚወጣበት ቀን ግን አንዱ ጉድለቱን ያባብሳል፣ ሌላው ደም ስሩ እንዳይጠብ ይይዘዋል። ሁለቱ ተባብረው ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ክትትል የምታደርጊበትን ሐኪም ትናንት ደውዬ አገኘኋቸው። ቁጥሮቹን ነገርኳቸው። ሁለቱንም ለጊዜው አቁሚ፣ ሐሙስ መጥተሽ ተኝተሽም ቆመሽም ትለኪያለሽ፣ የኩላሊት ምርመራም ይታዘዝልሻል ብለዋል። ሐሙስን አደራ። ክኒኑ የሚመለስበትን ቀን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «ያለ ክኒንም ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትረሺው፣ ስትድኚ ግፊትሽ ተመልሶ መውጣቱ አይቀርም። ለጎረቤት ደግሞ «ልጄ ክኒን አስቆመችኝ» ብለሽ እንዳታወሪ። እትዬ ሰምተው የራሳቸውን ይጥሉታል።

ወደ መጠጡ ልምጣ። ኦአርኤስ ፋርማሲ አለ፣ ሚሚ ትግዛ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠብጡታል። በሃይላንድ ከለካችሁ የአንድ ሊትሩ መሆኑን እዩ፣ በግማሽ ሊትሩ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበታል። ስኳርም ጨውም አይጨመርበት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ፓኬት ከጠፋ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። በአንድ ትንፋሽ አትጨልጪው፣ ያቅለሸልሽሻል። በየጥቂት ደቂቃው ሁለት ሦስት ጊዜ ፉት በይ። ተቅማጡ ከተመለሰ በየመቀመጥሽ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጨምሪ። አጥሚትና ሾርባ ጥሩ ናቸው። ቡናሽን አልከለክልሽም፣ በረካ ድረስ ጠጪ፣ ግን እንደ ውሃ አትቁጠሪው። በቂ መጠጣትሽን የምታውቂው በሽንትሽ ነው። እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ አልበቃሽም፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ደርሰሻል። እግርሽ ካበጠ ወይም ተኝተሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን አቁሚና ለሐኪም ይነገር።

ጾሙን በተመለከተ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው የሚሉትን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ከኔ አፍ ስትሰሚው ነው የማይጥምሽ። ዋናው ነገር ጠዋት ውሃ መጠጣትሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳትጠጪ ስለምታድሪ የሚያዞርሽ በጠዋት ይብሳል።

አነሳስሽ እንዲህ ይሁን። ስትነቂ ወዲያው አትነሺ። ተኝተሽ የእግርሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ሃያ ጊዜ አንቀሳቅሺ፣ ባትሽ ሲጨመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ በጎንሽ ዙሪና ተቀመጪ፣ እግርሽ መሬት ይንካ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዪ፣ አንድ «አባታችን ሆይ» ብቻ አይበቃም፣ ደጋግመሽ ድገሚ። ከዚያ የአልጋውን ራስ ይዘሽ ቁሚ፣ ሳትራመጂም አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ካዞረሽ እዚያው ተቀመጪ። ወንበሩ ሁለት እርምጃ ነው ብለሽ እንዳትሞክሪ። ሰው የሚወድቀው በዚያች ሁለት እርምጃ ነው። አልጋም ወንበርም ከሌለ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ ነጠላሽ ቢቆሽሽ ይታጠባል።

ሌሊት ደጅ ሽንት ቤት አትውጪ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከሞቀ አልጋ ተነስቶ፣ በጨለማ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ቁጢጥ ብሎ መነሳት ብቻውን ደህናውን ሰው ያዞራል። ፖፖው ከአልጋው ስር ይሁን። አታፍሪ፣ እኔን በፖፖ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ስግደት ለጊዜው ይቅር። መስገድና መነሳት፣ መስገድና መነሳት፣ እኔ እዚህ ሰው ስመረምር የማልደፍረው ፈተና ነው። ቅዳሴ ላይም መቋሚያሽን ይዘሽ ሰዓታት አትቁሚ፣ ተቀመጪ።

ይህን ሁሉ እያደረግሽ በሁለት ሦስት ቀን ሊሻልሽ ይገባል። ከባሰብሽ ሐሙስን ሳትጠብቂ ሂጂ። ከዚህ በታች ያለውን ሚሚ ቀስ ብላ ታንብበው።

ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ልብሽ ሥርዓት አጥቶ ከመታ፣ ዕለቱን ሆስፒታል። አፍሽ ከተጣመመ፣ ንግግርሽ ከተንተባተበ ወይም አንድ እጅሽ ከሰነፈ በዚያችው ደቂቃ፣ «እስኪ ይለፍልኝ» የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ሽንት ካልመጣሽ ወይም የምትጠጪውን ሁሉ የምትመልሺ ከሆነ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልግሻል፣ ቤት አይሆንም። ሚሚ ደግሞ ይህንን ትጠብቅ፤ ቀኑን ከረሳሽ፣ ወይም ያላየሽውን ሰው አየሁ ካልሽ። ወድቀሽ ጭንቅላትሽ ከተመታም፣ ቁስል ባይኖርም፣ ይታይ።

አንዱ ደግሞ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላል። ያኔ የጎደለው ውሃ ሳይሆን ደም ነው፣ ኦአርኤስ አይመልሰውም። ይህን የምልሽ ለጉልበትሽ ብለሽ ዲክሎፌናክ እንደምትውጪ ስለማውቅ ነው። እሱንም ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፣ ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል። ጉልበትሽን ሲያምሽ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ተኝተሽ ስትገለበጪ ቤቱ የሚሽከረከርብሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ይመጣል። የትኛው እንደሆነ ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪያቸው፣ «ያዞረኛል» ብቻ ብትያቸው አይገባቸውም።

ነገ ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ሚሚ ተኝተሽም ቆመሽም ትለካሽ፣ ስድስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ፎቶውን ትላክልኝ። ቆመሽ ስትለኪ አጠገብሽ ትቁም፣ ስልኳን አስቀምጣ።

ልጅሽ