የቀን ሽያጭ ግምት ቅሬታ፣ ነገ ማታ እንገናኝ

ሰላም ጎረቤቶች፣ ለግብር የተገመተብኝ የቀን ሽያጭ በዝቶብኛል የምትሉ ነገ ማታ 1 ሰዓት እኔ ሱቅ ተገናኝተን ቅሬታችንን አብረን እንጻፍ። እኔጋ የግብር ኦፊሰሩ የመጣው ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ በአንድ ሰዓት 12 ገዢ ቆጥሮ በ10 ሰዓት አባዝቶ 120 ብሎ ሄደ፣ ጠዋት ግን ሱቁ ጭር ነው፣ የ30 ቀን ደብተሬ በአማካይ 45 ነው የሚለው፣ ይሄ በጣም ያናድዳል። ደብተር ብቻ ካሳያችሁ ራስህ የጻፍከው ነው ይሏችኋል፣ ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ ዋናው ነው፣ ያልገዛነውን ዕቃ ልንሸጥ አንችልማ። ደረሰኝ፣ የሽያጭ ደብተርና የግምቱን ወረቀት ያዙ፣ የቅሬታ ቀነ ገደቡን ከወረቀቱ ላይ ዛሬውኑ እዩና የምትመጡ እዚሁ ጻፉልኝ።